«ፔጅህ በ24 ሰዓት ይዘጋል» የሚል መልእክት ሲመጣ፦ የድሬዳዋ ቪዲዮ ሠሪዎች ጥያቄና መልስ

ከከዚራ፣ የምግብ ቪዲዮ የሚሠራ፦ አቦ፣ ትናንት ማታ በሜሴንጀር «የኮፒራይት ሕግ ጥሰሃል፣ ፔጅህ በ24 ሰዓት ይዘጋል፣ ይግባኝ ለማለት ይህን ተጫን» የሚል መጣልኝ። ሰማያዊ አርማ አለው፤ ስሙም Page Support ይላል። ልክፈተው ወይስ ልተወው?

አትክፈተው። ፌስቡክ ስለ ጥሰት ሊነግርህ ሲፈልግ በሜሴንጀር ቻት አያናግርህም። አርማውና ስሙ ደግሞ ምንም አያረጋግጡም። ማንም ሰው ፔጅ ከፍቶ «Page Support» ብሎ ሊሰይመው፣ የፈለገውንም ፎቶ ሊለጥፍበት ይችላል።

በላክልኝ ስክሪንሾት ላይ ያለው ሊንክ ከዚህ ጋር ይመሳሰላል። ማንም ገብቶ እንዳይጎዳ ስሙን ቀይሬዋለሁ፦

```
https://facebook.com.page-appeal.example/case/
```

መጀመሪያ ላይ facebook.com ስለሚታይ ዓይን እዚያው ይቆማል። አንተ ግን ከ https:// በኋላ የመጀመሪያዋን / ፈልግ፤ ከእሷ ተነስተህ ወደ ግራ አንብብ። የሳይቱ ባለቤት ብዙ ጊዜ የሚታወቀው ከእሷ በፊት በነጥብ በተለዩት የመጨረሻ ሁለት ቃላት ነው። እዚህ page-appeal.example ነው። ፊት ለፊት ያለው facebook.com ጌጥ ነው፤ ማንም የራሱ ሳይት ላይ ሊጽፈው ይችላል።

አሁን ስልክህን ያዝ። መልእክቱን ተወውና ራስህ የፌስቡክ አፑን ከፍተህ ወደ ፔጅህ ግባ። ከ Professional dashboard ውስጥ Page status የሚለውን እይ። እውነተኛ ጥሰት ካለ የትኛው ቪዲዮ እንደሆነ እዚያ ይታያል። ምንም ከሌለ መልእክቱ ውሸት ነው። ሪፖርት አድርገህ ሰርዘው።

ከሳቢያን፦ እኔ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ አብርቻለሁ። ፓስወርዴን ቢያገኙት እንኳ ኮዱ በስልኬ ነው የሚመጣው። ስለዚህ እኔን አይመለከተኝም፣ አይደል?

ግማሹ ልክ ነው። ፓስወርድህ ከሌላ ቦታ አፈትልኮ ከሆነ ኮዱ ያድንሃል። የኮፒራይት ማስጠንቀቂያው ግን የሚመጣው ኮዱን ራሱን ሊጠይቅህ ነው።

እዚሁ ሳቢያን አንድ ልጅ የደረሰበትን ልንገርህ። የጉዞ ቪዲዮ ይሠራል፤ ማረጋገጫውም በርቷል። ሊንኩን ሲከፍት ፌስቡክን የሚመስል ፎርም መጣለት። ስሙን፣ ስልኩን፣ ኢሜይሉን ሞላ። ፓስወርዱን ሲጽፍ «የተሳሳተ ነው፣ እንደገና ሞክር» አለው። ደግሞ ጻፈ። እነዚህ ሰዎች ሁለቴ የሚጠይቁት ፓስወርዱ ትክክል መሆኑን ለማረጋገጥ ነው። እሱ እየጻፈ ሳለ ሌላኛው ወገን ያንኑ ፓስወርድ እውነተኛው ፌስቡክ ላይ ያስገባል። ፌስቡክም ኮድ ይልካል። ልጁ ስልኩ ላይ ኮድ ሲደርሰው «እንዴ፣ እውነተኛ ነው ማለት ነው» ብሎ ጭራሽ አመነ። ኮዱን ፎርሙ ላይ ጻፈው። በቃ፣ ገቡ።

ከዚያ በኋላ ያለው ፈጣን ነው። ኢሜይሉን ቀየሩ፣ የራሳቸውን ሰው አስተዳዳሪ አደረጉ፣ እሱን አስወጡት። ከፔጁ ጋር የታሰረ የማስታወቂያ ካርድ ቢኖር ኖሮ በእሱ ገንዘብ ማስታወቂያ ያስነግሩ ነበር።

ስለዚህ ኮድ ስልክህ ላይ መድረሱ የሳይቱን እውነተኛነት አያሳይም። አንድ ሰው ፓስወርድህን በትክክል እንዳስገባ ብቻ ነው የሚነግርህ። መግባት የጀመርከው አንተ ራስህ እውነተኛውን አፕ ወይም ሳይት ከፍተህ ካልሆነ ኮዱን የትም አትጻፈው። ለማንም አትንገር።

ከመጋላ፣ የሰርግ ቪዲዮ የምታነሳ፦ እኔም ዩቲዩብ ላይ የኮፒራይት መልእክት መጥቶልኛል። ሙሽሮቹ ሲገቡ የተከፈተው ዘፈን ነው ይላል። እሱም የሌቦች ነው ማለት ነው? ሰረዝኩት እኮ።

እህቴ፣ ያንቺው እውነተኛ ይመስላል። የዘፈኑ ባለቤት መብቱን በዩቲዩብ ስላስመዘገበ ሲስተሙ ራሱ አግኝቶት ነው። ይህ Content ID ክሌም ይባላል። ብዙ ጊዜ የቪዲዮው ገቢ ወደ ዘፈኑ ባለቤት ይሄዳል፤ አንዳንዴም ቪዲዮው ይታገዳል። ቻናልሽን ግን አይዘጋውም። ቻናል የሚያዘጋው ስትራይክ ነው፤ እሱም በ90 ቀን ውስጥ ሦስት ሲደርስ ነው። አንድ ስትራይክ መጥቶ «በ24 ሰዓት ቻናልሽ ይጠፋል» የሚልሽ ካለ ጠርጥሪው።

ኢሜይሉን መሰረዝሽ ምንም አይጎዳም። ዩቲዩብ ስቱዲዮ ግቢና Content የሚለውን ክፈቺ። ክሌሙ ከቪዲዮው ጎን ይታያል። እዚያ ከሌለ ኢሜይሉ ውሸት ነበር።

ከመጋላ፣ ያቺው፦ ላኪው no-reply@youtube.com ነበር። እሱን አይቼ አልጠራጠርም ነበር።

አድራሻው የዩቲዩብ ነው፤ እሱ ብቻ ግን አይበቃም። ሌቦች private ቪዲዮ ለሰዎች ሲያጋሩ ማሳወቂያውን ዩቲዩብ ራሱ ከዚሁ አድራሻ ይልከዋል። ማስፈራሪያውንና ሊንኩን የሚያስቀምጡት በቪዲዮው ላይና በማብራሪያው ውስጥ ነው። ስለዚህ ላኪው ትክክል ቢሆንም ከኢሜይሉ ሊንክ አትግቢ። ስቱዲዮውን ራስሽ ክፈቺ።

ከሐረር፣ ጁገል፦ ፓስወርድ በየወሩ መቀየር አለብን ይባላል። እኔ እቀይራለሁ። መጨረሻ ላይ ያለውን ቁጥር እየጨመርኩ ነው።

ወንድሜ፣ ይህ ልፋት ብቻ ነው። Harar2024 የነበረው Harar2025 ቢሆን ለሚገምት ሰው ሁለቱም ያው ናቸው። ፓስወርድ የሚቀየረው አፈትልኳል ብለህ ስትጠረጥር ነው። ዋናው ነገር ርዝመቱና ሌላ ቦታ አለመደገሙ ነው። እርስ በርስ የማይገናኙ አራት ወይም አምስት ቃላትን በእንግሊዝኛ ፊደል ደርድራቸው። የሰፈርህ፣ የልጅህ፣ የቻናልህ ስም አይግባበት።

ከሁሉ በላይ የኢሜይልህ ፓስወርድ ለብቻው ይሁን። ቻናሉም ፔጁም «ፓስወርድ ረሳሁ» ሲባል የሚልኩት ወደ ኢሜይሉ ነው። ኢሜይሉን የያዘ ሁሉንም ያዘ።

ሁሉን በጭንቅላት መያዝ አይቻልም። ስልክህ ወይም ክሮም እንዲይዝልህ አድርግ፤ የስልኩን መቆለፊያ ግን አጥብቀው። ሌላም ጥቅም አለው። የተቀመጠው ፓስወርድ የሚመጣልህ እውነተኛው ሳይት ላይ ብቻ ነው። ሁልጊዜ በራሱ የሚሞላው ሳጥን ዛሬ ባዶ ከሆነ፣ በእጅህ ለመጻፍ አትቸኩል። አድራሻውን መልሰህ አንብብ።

ከገንደ ቆሬ፦ የኔ ኮድ በኤስኤምኤስ ነው የሚመጣው። ሲሙ ግን በወንድሜ ስም ነው፤ እሱም አሁን ጅቡቲ ነው። ችግር አለው?

አለው። ስልክህ ቢጠፋ ያንን ቁጥር የሚያስመልሰው የተመዘገበበት ሰው ነው። እስከዚያ ከአካውንትህ ውጭ ትሆናለህ። ለረጅም ጊዜ ሳይሠራ የቆየ ቁጥርም ለሌላ ሰው ሊሰጥ ይችላል፤ ያኔ ኮድህ ለማታውቀው ሰው ይደርሳል። ወንድምህ ሲመጣ ቁጥሩን ወደ ስምህ አዛውሩት።

እስከዚያው ኮዱን ከኤስኤምኤስ ወደ አፕ ቀይረው። Google Authenticator በየ30 ሰከንዱ አዲስ ባለ ስድስት አሃዝ ኮድ ያወጣል። ኔትወርክ ባይኖርም ይሠራል። ለጂሜይልህ ደግሞ ጎግል አሥር የመጠባበቂያ ኮዶች ይሰጥሃል። በወረቀት ጽፈህ ቤት አስቀምጣቸው። ስልኩ ውስጥ ፎቶ አድርገህ ብትይዛቸው ስልኩ ሲጠፋ አብረው ይጠፋሉ።

ከሳቢያን፣ ቅድም የጠየቀው፦ አፑም ቢሆን ኮዱን ራሴ ውሸተኛው ፎርም ላይ ከጻፍኩት ያው ነው ማለት ነዋ?

አዎ፣ ያው ነው። ይህን የሚዘጋው passkey ነው። በጣት አሻራህ ወይም በስልክህ መቆለፊያ ነው የምትገባው። ከእውነተኛው ሳይት ስም ጋር የታሰረ ስለሆነ ውሸተኛው ሳይት ላይ አይሠራም። የምትጽፈው ኮድም የለም። ጂሜይልህ ላይ ዛሬውኑ ልታበራው ትችላለህ። ዩቲዩብህም በዚያው ነው የሚገባው።

ከደቻቱ አካባቢ፣ የኤዲቲንግ ሥራ ያለው፦ ለአንድ ደንበኛዬ «የኮፒራይት ሪፖርት» ተብሎ ፋይል በዚፕ ተልኮለት ነበር። ፓስወርዱም ኢሜይሉ ላይ ተጽፏል። እኔ ኮምፒውተር ላይ ከፈትነው፤ ምንም አልመጣም። ባዶ ፋይል ነው ብለን ተውነው።

ባዶ አይመስለኝም። ኮምፒውተሩን አሁኑኑ ከኢንተርኔት ንቀለው። እውነተኛ ሪፖርት በዚፕ አይመጣም። ዚፑን በፓስወርድ የሚቆልፉት የኢሜይሉ ቫይረስ መፈተሻ ውስጡን እንዳያይ ነው።

ዊንዶውስ የፋይል ስም መጨረሻን ስለሚደብቅ report.pdf ሆኖ የሚታይህ report.pdf.scr ሊሆን ይችላል። እሱ ፕሮግራም ነው። ሲከፈት ምንም ሳያሳይ ብራውዘሩ ውስጥ ያለውን የመግቢያ መረጃ ይወስዳል። አንዴ ገብተህ ሁለተኛ ፓስወርድ የማትጠየቀው በዚያ መረጃ ነው። የወሰደው ሰውም ፓስወርድም ኮድም ሳይጠየቅ ይገባል። passkeyም ቢሆን ይህን አያቆመውም።

አሁን ደንበኛህ ከሌላ ንጹሕ ስልክ ወደ ጎግል አካውንቱ ይግባ። Security ውስጥ Your devices የሚለውን ከፍቶ የማያውቀውንና ያንተን ኮምፒውተር ያስወጣ። ከዚያ ፓስወርዱን ይቀይር። አንተም በዚያ ኮምፒውተር የገባህባቸውን ሁሉ እንዲሁ አድርግ። ሌሎች ደንበኞችህም እዚያ ገብተው ከነበረ ዛሬውኑ ደውልላቸው። ኮምፒውተሩን ግን ዊንዶውሱ እንደ አዲስ እስኪጫን ድረስ አትመነው። ወደፊት ደግሞ ደንበኛ በሙሉ አካውንቱ እንዲገባ አታድርግ። ዩቲዩብ ስቱዲዮ Settings ውስጥ Permissions አለ። በዚያ ፓስወርድ ሳይሰጥህ ኤዲተር አድርጎ ይጨምርሃል።

ከሐረር፣ ሸዋ በር፦ የኔ ፔጅ ከሄደ ቆይቷል። ኢሜይሉንም ስልኩንም ቀይረውታል። አንድ ሰው በቴሌግራም «ገንዘብ ክፈልና አስመልስልሃለሁ» ይለኛል። ልክፈለው?

አትክፈል። እንዲህ የሚሉት አብዛኞቹ ሁለተኛ ሌቦች ናቸው። ቀጥሎ ኮድ ወይም የመታወቂያ ፎቶ ይጠይቁሃል።

ድሮ በምትገባበት ስልክ facebook.com/hacked ን ክፈት። የድሮ ኢሜይልህን ደግሞ ወደ ኋላ ፈትሽ። ኢሜይሉ ሲቀየር ፌስቡክ ለቀድሞው አድራሻ ያሳውቃል፤ «እኔ አይደለሁም» የምትልበት ሊንክ አብሮት አለ። ላኪው facebookmail.com መሆኑን አይተህ ሞክረው። ጊዜው ስላለፈ ሊንኩ ላይሠራ ይችላል። ፔጁ ላይ ሌላ አስተዳዳሪ የነበረ ጓደኛ ካለህ በእሱ በኩል መሞከር ይቀላል። ማንም ካልነበረ ግን ይመለሳል ብዬ ቃል ልገባልህ አልችልም። ያም ሆነ ይህ ለተከታዮችህ በሌላ መንገድ ንገራቸው። ከዚያ ፔጅ አሁን የሚላክላቸውን ሊንክ እንዳይነኩ ይወቁ።