መሪያችሁ በወደቁ ማግስት ምን ትሰብካላችሁ?

የተወደዳችሁ ወጣት ሰባኪዎች፣

ይህ እሑድ አንድ ቀን ይገጥማችኋል። ያጠመቋችሁ፣ ምናልባትም እጅ ጭነው ለአገልግሎት የለዩአችሁ መጋቢ ከባድ ኃጢአት ውስጥ መገኘታቸው ይሰማል። ዓርብ ማታ ወሬው ቴሌግራም ላይ ይወጣል። ቅዳሜ ሽማግሌዎች ሲሰበሰቡ ያመሻሉ። እሑድ ጠዋት መድረኩ ላይ የምትቆሙት ደግሞ እናንተ ናችሁ፣ ሕዝቡም ገና መጽሐፍ ቅዱሳችሁን ሳትከፍቱ ፊታችሁን ማንበብ ይጀምራል። ዕድሜዬን በመጋቢነትና ሰባኪ በማሠልጠን ነው ያሳለፍኩት፤ ለዚያ ጠዋት የማውቀውን ልንገራችሁ።

በመጀመሪያ፣ የሆነውን ነገር የምትናገሩት እናንተ አትሁኑ። እሱ የሽማግሌዎች ሥራ ነው። ከስብከቱ በፊት አንድ ሽማግሌ ወጥተው በጽሑፍ የተዘጋጀ አጭር መግለጫ ያንብቡ፤ የተረጋገጠው ምን እንደሆነ፣ መጋቢው ከአገልግሎት መታገዳቸውን፣ ጉዳዩን ማን እንደያዘው። የተጎዳው ሰው ስምም ሆነ ማንነቱን የሚጠቁም ነገር አይነሳ። በሕግ የሚያስጠይቅ ነገር ካለ፣ በተለይ ሕፃን ልጅ የተጎዳ ከሆነ፣ ፖሊስ ጋ መሄዱን ይናገሩ፤ ያ ነገር በሽምግልና የሚያልቅ አይደለም። ይህ ሳይነገር ስለ ንስሐ መስበክ ከጀመራችሁ ሕዝቡ ቃሉን መስማት ትቶ በየዐረፍተ ነገራችሁ ውስጥ ፍንጭ ሲፈልግ ይውላል። "ገበናችንን አደባባይ አናውጣ" የሚሉ ታላላቆች ይኖራሉ። ሐሳባቸው ይገባኛል፣ ያደግንበት ነው። ግን ገበናው ዓርብ ማታ ወጥቷል፤ አሁን ዝም ብትሉ የምትሸፍኑት መጋቢውን ሳይሆን እውነቱን ነው።

ቀጥሎ ክፍል መምረጥ ነው። ሁሉም ሰው እጁ የሚሄደው ወደ ዮሐንስ 21 ነው። ጴጥሮስ፣ የከሰል እሳቱ፣ ሦስት ጊዜ "ትወደኛለህን?"፣ ከዚያም "በጎቼን አሰማራ"። ክፍሉ ልብ ይነካል። እኔ ግን ለዚያ እሑድ አትንኩት እላለሁ። ጴጥሮስ የካደው በፍርሃት ነው፤ በሥልጣኑ ተጠቅሞ ማንንም አልጎዳም። የእናንተ መጋቢ የወደቁት በተሰጣቸው አደራ ተጠቅመው ከሆነ፣ ጴጥሮስን ስትሰብኩ ያ የተጎዳው ሰው ከኋላ ወንበር ላይ ሆኖ የሚሰማው "ምንም አልሆነም፣ በጎቹ እንደገና ለእሳቸው ይሰጣሉ" የሚል ነው። ያውም ገና በመጀመሪያው እሑድ!

ወደ 2ኛ ሳሙኤል 11 እና 12 ሂዱ። ዳዊትን ሁላችንም እናውቀዋለን፣ ችግሩም እሱ ነው፤ ምዕራፍ 11ን ዘለን ናታን ጋ እንደርሳለን። አትዝለሉት። ቀስ ብላችሁ አንብቡት። ንጉሡ የሰው ሚስት አስመጣ፤ ፀነሰች። ነገሩን ለመሸፈን ባሏን ኦርዮን ከጦር ሜዳ ጠራው። ኦርዮ ግን ታቦቱና ጓዶቹ በጎጆ እያሉ እኔ ቤቴ ገብቼ አልበላም አልጠጣም አለና ከአገልጋዮች ጋር በር ላይ ተኛ። በማግሥቱ ዳዊት አሰከረው፤ አሁንም ቤቱ አልሄደም። ከዚያ ደብዳቤ ተጻፈ። ኦርዮን ሰልፉ በሚጠነክርበት ፊት አቁሙት፣ ከኋላው ሽሹ የሚል። ደብዳቤውን ወደ ኢዮአብ የወሰደው ኦርዮ ራሱ ነው። በገዛ እጁ የሞት ፍርዱን ይዞ ሄደ፣ አልከፈተውም፣ ንጉሡን ያምን ነበርና።

እዚህ ላይ ቁሙ። አትቸኩሉ። መሪ ሲወድቅ የሚሰበረው እንደዚህ ያለ እምነት ነው፣ ሕዝቡም በዚያ ጠዋት የተሰማውን እዚህ ያገኘዋል። ናታንም ቢሆን ዳዊትን ሲገሥጽ የኦርዮን ስም ይጠራል። ማቴዎስ የጌታን የዘር ሐረግ ሲጽፍ፣ ስንት መቶ ዓመት አልፎ፣ ሰሎሞን የተወለደው "ከኦርዮ ሚስት" ነው ይለናል። ዳዊት ይቅር ተብሏል፤ ኦርዮ ግን አልተረሳም። ሁለቱ አብረው መሄድ እንደሚችሉ ሕዝቡ ከእናንተ አፍ መስማት አለበት።

ከዚያ ናታን ይመጣል። ድሃው ሰው፣ አንዲቷ ጠቦት፣ "ያ ሰው አንተ ነህ"። ናታን የመጣው ሕፃኑ ከተወለደ በኋላ ነው፤ ስለዚህ ዳዊት ወራት ሙሉ ዝም ብሎ ቆይቷል። በእነዚያ ወራት ሲፈርድ፣ ሲያዝዝ፣ ሲመራ ነበር። የወደቀ አገልጋይም በአብዛኛው እንዲሁ ነው፤ እስኪገለጥ ድረስ ያገለግላል፣ ሰዉም በአገልግሎቱ ይባረካል። "እንዴት ጸሎታቸው ይሰማ ነበር?" ብላችሁ አትሸበሩ። የባረካችሁ እግዚአብሔር ነበር።

መዝሙር 51ን መጨረሻ ላይ ታነቡታላችሁ። (በአንዳንድ መጽሐፍ ቅዱሶች 50 ነው፤ ኦርቶዶክሳውያን ወገኖቻችን "ተሣሀለኒ እግዚኦ" ብለው የሚጸልዩት።) እዚህ ሁለት ቦታ ተጠንቀቁ። አንደኛው "አንተን ብቻ በደልሁ" የሚለው ነው። የወደቁ መሪዎች ይህን ጥቅስ ይወዱታል፤ ጉዳዩ በእኔና በእግዚአብሔር መካከል ነው፣ አልቋል ለማለት። መዝሙሩን ግን ወረድ ብላችሁ አንብቡ። "ከደም አድነኝ" ይላል። የማን ደም ነው? የኦርዮ ነዋ! ዳዊት የበደለውን ሰው ደም እየጠራ ነው ወደ እግዚአብሔር የሚጮኸው። ሁለተኛው ቦታ "ለሕግ ተላላፊዎች መንገድህን አስተምራለሁ" የሚለው ነው። ይህንንም ቶሎ ወደ መድረክ መመለሻ ትኬት ያደርጉታል። ዳዊት ግን እዚያ የደረሰው ንጹሕ ልብ ፍጠርልኝ፣ ከፊትህ አትጣለኝ ብሎ ከለመነ በኋላ ነው።

አሁን አንድ ሰው ይነሳና "ዳዊት እኮ ከዙፋኑ አልወረደም!" ይላችኋል። እውነት ነው፣ አልወረደም። ግን ታሪኩን ይቀጥልና ምዕራፍ 13ን ያንብብ። ልጁ አምኖን እኅቱን ትዕማርን ደፈረ። ዳዊት እጅግ ተቆጣ ይላል ቃሉ። ከዚያስ? ምንም አላደረገም። ለእኔ እንደሚመስለኝ፣ የሰው ሚስት የወሰደ አባት ልጁን ለመገሠጽ አፉን መክፈት ከብዶት ነው። ትዕማር ፍርድ ሳታገኝ ቀረች፤ ወንድሟ አቤሴሎም አምኖንን በአገልጋዮቹ አስገድሎ ተበቀለ፤ ቤቱ በደም ታጠበ። ይቅር የተባለ ሰው በቦታው ሲቆይ እንኳ የሚያጣው ነገር አለ። ደግሞም የቤተ ክርስቲያን መሪ ንጉሥ አይደለም። ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ ኤጲስ ቆጶስ የማይነቀፍና በውጭ ባሉት ዘንድ መልካም ምስክር ያለው ይሁን ይላል። ይህ ምስክርነት ከጠፋ በአንድ ስብከት አይመለስም፤ ዓመታት ይወስዳል፤ አንዳንዴ ጨርሶ አይመለስም፣ ሰውየው ግን የእግዚአብሔር ልጅ ሆኖ ይኖራል።

ይህ ሁሉ ሲጣስ ምን እንደሚመስል ማየት ከፈለጋችሁ የጂሚ ስዋጋርትን ታሪክ ተመልከቱ። በጊዜው በቴሌቪዥን በዓለም ዙሪያ የሚታይ አሜሪካዊ ሰባኪ ነበር። ከዝሙት አዳሪ ጋር መታየቱ ከተጋለጠ በኋላ የካቲት 1988 በሉዊዚያና፣ ባተን ሩዥ ከተማ ቤተ ክርስቲያኑ መድረክ ላይ ቆመ። እንባው እየወረደ በድያለሁ አለ። ሚስቱን፣ ልጁን፣ ጉባኤውን ይቅርታ ጠየቀ። መዝሙር 51ንም ጠቀሰ። ያደረገው ነገር ምን እንደሆነ ግን አልተናገረም። ሕዝቡ አብሮት አለቀሰ። እኔ ያ እንባ የውሸት ነበር አልልም፤ ልብን የሚያይ እግዚአብሔር ነው።

ፈተናው ከእንባው በኋላ መጣ። የአካባቢው አመራር ሦስት ወር ከስብከት ይታቀብ ብሎ ነበር። የቤተ እምነቱ ብሔራዊ አመራር ግን ይህ አይበቃም፣ ቢያንስ አንድ ዓመት ከመድረክ ይውረድ አለ። ስዋጋርት እምቢ አለ። ሚያዝያ ላይ የአገልግሎት ፈቃዱ ተነጠቀ። ግንቦት ላይ ያለ ቤተ እምነቱ ተመልሶ ይሰብክ ነበር። በ1991 እንደገና ከዝሙት አዳሪ ጋር ተያዘ። በዚህ ጊዜ ለጉባኤው የነገረው፣ ነገሩ እነሱን እንደማይመለከታቸው ጌታ እንደነገረው ነው።

የመጋቢያችሁንም ንስሐ የምታውቁት በዚህ ነው። እንባውን ተዉት፤ "አንድ ዓመት ቆዩ" ሲባሉ ምን ይላሉ? የመመለሻ ቀናቸውን ራሳቸው ይወስናሉ ወይስ ለሌሎች ይተዋሉ? የተጎዳው ሰው ሊያያቸው ባይፈልግ ያከብራሉ ወይስ ይቅርታ እንዲያደርግላቸው አማላጅ ይልካሉ? ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ ሽማግሌ የሚላክበት ሰው ይቅርታ እያደረገ አይደለም፣ እየተገፋ ነው።

"የቀባኋቸውን አትዳስሱ" የሚል ድምፅም ትሰማላችሁ፤ ኮሜንት ላይ ይሞላል። መዝሙር 105ን ከፍታችሁ አሳዩአቸው። ቃሉ የሚናገረው በቁጥር ጥቂት ሆነው ከአገር ወደ አገር ሲንከራተቱ ስለነበሩት አብርሃም፣ ይስሐቅና ያዕቆብ ነው፤ የሚገሠጹት ደግሞ ነገሥታት ናቸው። ኃይለኛው ደካማውን እንዳይነካ የተነገረ ቃል ነው። እኛ ገልብጠን ኃይለኛውን መጠበቂያ አደረግነው። በጣም የሚያሳዝነኝ ነገር ነው። ለመሪ የተጻፈው ሥርዓት 1ኛ ጢሞቴዎስ 5 ላይ አለ። ያለ ሁለት ወይም ሦስት ምስክር ክስ አትቀበል፤ ኃጢአት የሠሩትን በሁሉ ፊት ገሥጽ፤ በማንም ላይ ፈጥነህ እጅ አትጫን። ሦስቱንም አንብቡ። የመጀመሪያው መሪውን ከሐሜት ይጠብቃል፣ ሁለተኛው ጉባኤውን ከመሸፋፈን፣ ሦስተኛው ደግሞ እኛን ከችኮላችን።

ስብከቱ ሲያልቅ ሰዎች እያለቀሱ ወደ እናንተ ይመጣሉ፤ አንዳንዶቹ ይቆጣሉ። አትከራከሩ፣ ስሟቸው። ከዚያ ከሽማግሌዎች ጋር ተቀመጡና ሰኞ የሚሆነውን ወስኑ። የተጎዳውን ሰው ማን ይጠይቃል? ሴት ከሆነች ሴት ትሂድላት፣ የመጋቢው ዘመድም ወዳጅም ያልሆነች። የመጋቢው ሚስትና ልጆችስ? ደመወዝ ቆሞ የቤት ኪራይ ቢደርስባቸው ማን ያውቃል? ወደ መጋቢውም የሚሄድ ሰው ይመደብ፤ የሚያባብል ሳይሆን እውነቱን ፊት ለፊት ተናግሮ አብሮ የሚጸልይ። ናታን እንደዚያ ነበር። "ያ ሰው አንተ ነህ" ያለው ነቢይ ከዚያ በኋላ ሰሎሞን ሲወለድ "እግዚአብሔር የወደደው" የሚል ስም ይዞ ወደዚያው ቤት ተልኮ መጣ። ዳዊት አርጅቶ አልጋ ላይ ሲውል፣ ልጆቹ ለዙፋኑ ሲሻሙ፣ ጓዳው ገብቶ ያናገረው ያው ናታን ነው።