በዓመት 18,000 ማይል ለሚነዳ ሰው ሊዝ ያዋጣል?

ጥያቄ፦ «ሜሪላንድ ውስጥ በግሌ የምሠራ አስተርጓሚ ነኝ። ቋሚ ቢሮ የለኝም፤ ከቤቴ እየተነሳሁ ደንበኞች ቤትና ክሊኒክ እሄዳለሁ። በዓመት ወደ 18,000 ማይል እነዳለሁ፣ 15,000ው ለሥራ ነው። መኪና ሻጩ ‹ሊዝ ውሰድ፣ ወርሃዊ ክፍያው በሙሉ ከታክስ ይቀነስልሃል› አለኝ። ልመነው?»

መልስ፦ አይመኑት። በዚህ የማይል ብዛት መግዛቱ ይሻልዎታል።

ከታክሱ እንጀምር። አይአርኤስ የመኪና ወጪን በሁለት መንገድ እንዲያሰሉ ይፈቅዳል። አንደኛው በማይል ነው፤ ለ2025 ዓ.ም. (በፈረንጆች) በእያንዳንዱ የሥራ ማይል 70 ሳንቲም ታክስ ከሚከፈልበት ገቢ ይቀነሳል። ሁለተኛው ትክክለኛውን ወጪ ደምሮ የሥራውን ድርሻ ብቻ መቀነስ ነው። ለአንድ መኪና በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለቱን ማደባለቅ አይቻልም። በማይል ካሰሉ የሊዝ ክፍያ፣ ቤንዚን፣ ኢንሹራንስና ጥገና ሁሉ 70ው ሳንቲም ውስጥ ስለገቡ ለብቻቸው አይቀነሱም። በትክክለኛው ወጪ ቢሄዱም ከሊዙ ክፍያ የሚቀነሰው የሥራው ድርሻ ነው፤ የእርስዎ ከስድስት አምስት እጅ ይሆናል እንጂ «በሙሉ» አይደለም።

በእርስዎ ቁጥር 15,000 ማይል በ70 ሳንቲም 10,500 ዶላር ይሆናል። አሁን ሊዙን በወር 360 ዶላር፣ ቅድመ ክፍያውን 2,000 ዶላር እንበል። ቅድመ ክፍያው ለ3 ዓመት ይከፋፈላል። ቤንዚን፣ ኢንሹራንስና ጥገና ሲጨመሩ የዓመቱ ወጪ 9,500 ዶላር አካባቢ ይደርሳል፤ የሥራው ድርሻ 8,000 ገደማ ነው። ስለዚህ በሊዝ ቢወስዱ የሚያዋጣዎት የማይሉ ስሌት ነው፤ እሱን ደግሞ ቢገዙም ያገኙታል፣ ሊዙ የተለየ የታክስ ጥቅም አይሰጥዎትም። እንዲያውም ገዢው አንድ ነገር ይተርፈዋል፦ በግሉ የሚሠራ ሰው በማይል እያሰላም የመኪና ብድሩን ወለድ የሥራ ድርሻ ስኬጁል ሲ በተባለው የግል ሥራ የታክስ ቅጽ ላይ መቀነስ ይችላል። በሊዝ ክፍያ ውስጥ የተደበቀው ወለድ ግን እንዲህ አይነጠልም።

የኪሱ ሒሳብ ደግሞ ይኸው። ሊዙ በዓመት 12,000 ማይል የሚፈቅድ፣ ለትርፉ ማይል 20 ሳንቲም የሚያስከፍል ይሁን። በ3 ዓመት ወርሃዊው 12,960፣ ቅድመ ክፍያው 2,000፣ የ18,000 ትርፍ ማይል ቅጣት 3,600፣ መኪናውን ሲመልሱ የሚጠየቁት ክፍያ 400፤ ድምሩ 18,960 ዶላር ነው፣ በእጅዎም መኪና አይቀርም። ያንኑ መኪና ታክሱን ጨምሮ በ28,000 ገዝተው፣ 2,000 ቅድሚያ ከፍለው ቀሪውን በ7 በመቶ ለ5 ዓመት ቢበደሩ ወርሃዊው 515 ዶላር ገደማ ይመጣል። ከ3 ዓመት በኋላ የከፈሉት ወደ 20,500 ይሆናል፤ ቀሪ ዕዳው 11,500 ነው። 54,000 ማይል የነዳው መኪና 16,500 ቢያወጣ፣ 5,000 ዶላር የእርስዎ ነው። የገዛው ሰው የወጣበት 15,500 ገደማ ነው ማለት ነው። ልዩነቱን ያመጣው በዋናነት የማይል ቅጣቱ ነው።

ሻጩ ምናልባት «የ15,000 ወይም የ18,000 ማይል ውል እሰጥሃለሁ» ይል ይሆናል። ቅጣቱ ይጠፋል፣ ወርሃዊው ግን ይጨምራል፤ ሁለቱን ድምር አስጽፈው ያወዳድሩ። ዋስትናውንም ይመልከቱ። የብዙ መኪኖች መሠረታዊ ዋስትና 3 ዓመት ወይም 36,000 ማይል ነው፣ ቀድሞ የሞላው ያበቃዋል። እርስዎ በ2 ዓመት ይጨርሱታል፤ ስለዚህ ሊዝ ላይ ሆነው የሦስተኛውን ዓመት ጥገና ከኪስዎ ይከፍላሉ።

ሊዝ የሚያዋጣው ተቃራኒው ሰው ነው፦ ጥቂት ማይል የሚነዳ፣ ውድ መኪና የሚይዝ። በዓመት 10,000 ነድቶ 6,000ው ለሥራ ከሆነ ማይሉ የሚሰጠው 4,200 ዶላር ነው። በወር 700 የሚከፈልበት ሊዝ ግን የሥራ ድርሻው ብቻ 5,000 ያልፋል፣ ቤንዚንና ኢንሹራንሱ ሳይጨመር።

ከገዙ በኋላ ሦስት ነገር ይጠንቀቁ። መኪናው ለሥራ በዋለበት በመጀመሪያው ዓመት ማይሉን ይምረጡ፤ ያኔ ካልመረጡት ለዚያ መኪና በኋላ አያገኙትም፤ ከመረጡት ግን ወደ ትክክለኛው ወጪ መዞር ይችላሉ። በሊዝ ቢሆን ኖሮ ማይሉን ከመረጡ ሊዙ እስኪያልቅ መቀየር የለም። ሁለተኛ፣ ከ70ው ሳንቲም 33ቱ እንደ እርጅና ቅናሽ ይቆጠራል፤ የመኪናው የሥራ ድርሻ ዋጋ በየዓመቱ በዚያ ልክ ይወርዳል። ስለዚህ መኪናውን ሲሸጡ ታክስ የሚከፈልበት ትርፍ ሊወጣ ይችላልና የሽያጩን ገንዘብ ሁሉ አይጨርሱት።

ሦስተኛው ትልቁ ነው። ቋሚ ቢሮ የሌለው ሰው ከቤት ወደ መጀመሪያው ደንበኛ፣ ከመጨረሻውም ወደ ቤት የሚነዳው በአብዛኛው እንደ ግል ጉዞ ነው የሚታየው። የሥራ ማይል የሚሆነው ቤትዎ የሥራዎ ዋና ቦታ ሲሆን ነው፤ ለምሳሌ ቀጠሮና ሒሳብ የሚሠሩበት፣ ለሌላ ነገር የማይውል፣ አዘውትረው የሚጠቀሙበት የተለየ ቦታ ካለዎት። ይህ ካልተሟላ 15,000ው ወደ 9,000 ሊወርድ ይችላል፤ ስሌቱም ይቀየራል። ስለዚህ ከመፈረምዎ በፊት የአንድ ወር ጉዞዎን ይመዝግቡ፦ ቀን፣ የሄዱበት ቦታ፣ የሥራ ምክንያት፣ የማይል ብዛት። አይአርኤስ ማስረጃ ቢጠይቅዎትም የሚፈልገው ይህንኑ ነው፤ በጉዞው ቀን አካባቢ የተጻፈ እንጂ በሚያዝያ ታክስ ሲሞላ ከትዝታ የተሰበሰበ አይደለም።