አድራሻውን ከዐረፍተ ነገሩ አውጡት፦ በማርክዳውን ለምትጽፉ ወጣቶች

ውድ ወጣቶች፣

አዳማ ተቀምጬ የሶፍትዌር መመሪያ መጻፍና ማረም እንጀራዬ ከሆነ ብዙ ዓመት አልፏል። ዛሬ ብዙዎቻችሁ የምትጽፉት በማርክዳውን ነው። የመመረቂያ ፕሮጀክታችሁ README ፋይልም፣ የቢሮ መመሪያውም፣ የግል ማስታወሻውም እንደዚያው። ረቂቃችሁ እጄ ሲገባ ከሁሉ በላይ ቀይ የማበዛበት ቦታ ሊንኩ ነው። ስለዚህ ሌላውን ትቼ ስለ ሊንክ ብቻ ልጻፍላችሁ።

ጆን ግሩበር ማርክዳውንን በ2004 እ.ኤ.አ. ሲያወጣ ዋናው ፍላጎቱ አንድ ነበር። ጽሑፉ ወደ ድረ ገጽ ከመቀየሩ በፊት ጥሬውን ሲነበብም ለዓይን እንዲመች። ይህን ያዙልኝ፤ ከዚህ በታች የምላችሁ ሁሉ ከዚያ ነው የሚነሣው።

ሁላችሁም የምታውቁት አጻጻፍ ይኸኛው ነው። የሚታየው ቃል በካሬ ቅንፍ ይገባል፤ አድራሻው ወዲያው ተጠግቶ በክብ ቅንፍ ይከተላል። በመካከላቸው ክፍት ቦታ አይኖርም።

```
[ሥዕሉ](https://example.com/map)
```

አድራሻው አጭር ሲሆን ከዚህ የተሻለ የለም። ችግሩ የእኛ አድራሻ አጭር አለመሆኑ ነው። የግዕዝ ፊደል ያለበትን አድራሻ ከብራውዘር ስትቀዱ ብዙ ጊዜ ፊደሉ በፐርሰንት ምልክት ተተክቶ ይመጣል። እያንዳንዱ ፊደል ዘጠኝ ምልክት ይሆናል። «አዳማ» የምትለዋ ባለ ሦስት ፊደል ቃል ይህን ትመስላለች፦

```
%E1%8A%A0%E1%8B%B3%E1%88%9B
```

አንድ ቃል ሃያ ሰባት ምልክት ሆነ። የገጹ ርእስ አምስት ቃል ያለው ከሆነ ዐረፍተ ነገራችሁ ሁለት ቦታ ተቆርጦ መሐሉ ላይ ማንም የማያነበው ነገር ይጋረጣል። የሚያርምላችሁ ሰው ግሱን ፍለጋ ሦስት መስመር ይወርዳል። የኔን ዓይን ያደከመው ይኼ ነው።

ሁለተኛው ጣጣ ቅንፍ ራሱ አድራሻው ውስጥ ሲኖር ነው የሚመጣው። እዚህ ላይ ረጋ ብላችሁ ተከተሉኝ።

አንድ አብሮን የሚሠራ ወጣት ከአዳማ በመተሃራና በአዋሽ አድርገው ወደ አፋር ለሚሄዱ እንግዶች አጭር ማብራሪያ አዘጋጅቶ ነበር። በኅዳር 1967 ዓ.ም. ሐዳር ላይ ስለተገኘችው ድንቅነሽ ሲጽፍ የእንግሊዝኛውን ዊኪፔዲያ ገጽ አያያዘ። በዊኪፔዲያ ስሙ ከሌላ ነገር ጋር የሚጋጭ ገጽ መለያው በቅንፍ ይጨመርበታል። ሉሲ የሚባል ብዙ ነገር ስላለ የድንቅነሽ አድራሻም ቅንፍ አለው። ልጁ የጻፈው እንዲህ ነው፦

```
[ድንቅነሽ](https://en.wikipedia.org/wiki/Lucy_(Australopithecus)) የተገኘችው ሐዳር ላይ ነው።
```

በራሱ ኮምፒውተር ሲያየው ልክ ነበር። ሊንኩ ይከፍታል፤ ጽሑፉም ንጹሕ ነው። ፋይሉ ወደ ድረ ገጽ የሚቀየርበት መሣሪያ ግን አሮጌ ነበር። እዚያ ሲደርስ ሊንኩ የሌለ ገጽ መጥራት ጀመረ፤ «ድንቅነሽ» ከሚለው ቃል ቀጥሎም አንዲት መዝጊያ ቅንፍ ብቻዋን ቆማ ታየች።

ምክንያቱ ይህ ነው። የመጀመሪያው የማርክዳውን ፕሮግራም አድራሻው የት እንደሚያበቃ የሚያውቀው መጀመሪያ ባገኘው መዝጊያ ቅንፍ ነው። ስለዚህ አድራሻውን `Lucy_(Australopithecus` ላይ ቆረጠው። የተረፈችውን ቅንፍ ደግሞ ተራ ጽሑፍ አደረጋት። ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የመጣው ኮመንማርክ የሚባለው ዝርዝር ደንብ ይህን አሻሽሎታል። ቅንፎቹ መክፈቻና መዝጊያቸው እኩል እስከሆኑ ድረስ አድራሻው ውስጥ እንዲኖሩ ይፈቅዳል። የልጁ ኮምፒውተር በአዲሱ ደንብ ይሠራ ነበር፤ ያኛው በአሮጌው።

ስለዚህ ከሊንክ ቀጥሎ ባለቤት የሌላት መዝጊያ ቅንፍ ካያችሁ አትሰርዟት። ከሰረዛችኋት ምልክቱ ይጠፋል እንጂ ሊንኩ እንደተሰበረ ይቀራል። እሷ የምትነግራችሁ አድራሻው መቆረጡን ነው። በአዲሱ ደንብ ደግሞ ስሕተቱ በተቃራኒው መልክ ይመጣል። የመጨረሻዋን ቅንፍ ከረሳችኋት ሊንክ የሚባል ነገር አይፈጠርም፤ ካሬ ቅንፉም ጭምር ጥሬው ገጹ ላይ ይወጣል። ይኼኛው ቢያንስ ጮክ ብሎ ስለሚናገር ቶሎ ይያዛል።

መፍትሔ ብለው የሚነግሯችሁ ብዙ ነው። አንዳንዶች አድራሻውን በ `<` እና በ `>` መካከል አስገቡት ይላሉ። በአዲሱ ደንብ ይሠራል፤ ክፍት ቦታ ላለበት አድራሻም ይጠቅማል። የመጀመሪያው ፕሮግራም ግን እንዲያም ሆኖ የመጀመሪያዋ ቅንፍ ላይ ይቆርጣል። ሌላው መንገድ ቅንፎቹን በፐርሰንት መተካት ነው። መክፈቻዋ `%28`፣ መዝጊያዋ `%29` ትሆናለች።

```
https://en.wikipedia.org/wiki/Lucy_%28Australopithecus%29
```

ይህ አሮጌውም አዲሱም ላይ ይሄዳል፤ ዊኪፔዲያም ወደዚያው ገጽ ይወስዳችኋል። የማልወድለት አንድ ነገር አለ። ቀድሞውንም ረጅም የነበረውን አድራሻ ይበልጥ ያጨማድደዋል።

እኔ የምመርጠው ሦስተኛውን ነው። አድራሻውን ከዐረፍተ ነገሩ ጨርሶ ማውጣት። በጽሑፉ ውስጥ ከሚታየው ቃል ቀጥሎ በሁለተኛ ካሬ ቅንፍ አጭር መለያ ትጽፋላችሁ። አድራሻውን ከአንቀጹ በታች ወይም ከፋይሉ ግርጌ፣ በራሱ መስመር ታስቀምጡታላችሁ።

```
[ድንቅነሽ][lucy] የተገኘችው ሐዳር ላይ ነው።
ሰዎች [ድንቅነሽን][lucy] ሲያስቡ አፋርን ያስባሉ።

[lucy]: https://en.wikipedia.org/wiki/Lucy_(Australopithecus)
```

የግርጌው መስመር አንባቢው በሚያየው ገጽ ላይ አይወጣም። አድራሻው የሚያበቃው መስመሩ ሲያልቅ ስለሆነና የሚዘጋው ክብ ቅንፍ ስለሌለ፣ አሮጌው ፕሮግራምም ቅንፏ ላይ አይቆርጠውም። የልጁን ማብራሪያ ያስተካከልነው በዚህ ነው። የድንቅነሽ አድራሻ በፋይሉ ውስጥ አራት ቦታ ነበር፤ አሁን አንድ ቦታ ብቻ ሆነ። ነገ አድራሻው ቢቀየር የሚነካው አንድ መስመር ነው። ለጥንቃቄ ያህል፦ አድራሻው መክፈቻ ብቻ ወይም መዝጊያ ብቻ ያለው ከሆነ፣ አዲሱ ደንብ ግርጌም ላይ አይቀበለውም። ያኔ `%28` ወይም `%29` ተጠቀሙ።

አሁን በእንግሊዝኛ መመሪያዎች ወደማታገኙት ነገር ልምጣ። ለእኛ ዋናው ይኼ ነው።

ማርክዳውን መለያን በአማርኛም ይቀበላል። ሁለተኛውን ቅንፍ ትታችሁ `[አዳማ]` ብቻ ብትሉና ግርጌ ላይ `[አዳማ]:` ብላችሁ አድራሻውን ብታስቀምጡ ይሠራል። አሮጌው ፕሮግራም ግን `[አዳማ][]` ብላችሁ ባዶውን ቅንፍ እንድትጨምሩ ይፈልጋል። ሲያዩት ያምራል። ቋንቋችን ግን ስም ላይ ፊደል ይጨምራል። «አዳማን» ስትሉ፣ «አዳማም» ስትሉ መለያው ከግርጌው ጋር አይገጥምም። ቅንፉም ጥሬው ገጹ ላይ ቁጭ ይላል። ከፊት ለሚገቡት ለ«በ» እና ለ«የ» ዘዴ አለ፤ በ[አዳማ] ብሎ ፊደሉን ከቅንፉ ውጭ መተው ይቻላል። ከኋላ የሚቀጠለውን ግን እንደዚያ ብትቆርጡት የሊንኩ መስመር ቃሉን ለሁለት ይከፍለዋል። ስለዚህ የሚታየው ቃል እንደ ሰዋስዉ ይሁን፤ መለያው ለብቻው ይቁም፣ አይለዋወጥ።

የመለያውን ፊደልም ተጠንቀቁ። ለላቲን ፊደል ትልቅና ትንሹን ማርክዳውን አይለይም፤ `[Lucy]` እና `[lucy]` አንድ ናቸው። በእኛ ፊደል ግን እንዲህ ያለ ይቅርታ የለም። እላይ «ሐዋሳ» ብላችሁ ግርጌ «ሀዋሳ» ካላችሁ፣ ለእናንተ አንድ ከተማ ነው፤ ለማሽኑ ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው። ሰ እና ሠ፣ ጸ እና ፀ፣ አ እና ዐም እንደዚያው። ብዙ ሰው ሆናችሁ በአንድ ፋይል ላይ የምትሠሩ ከሆነ ይህ በየቀኑ የሚገጥም ነገር ነው። እኔ መለያውን በአጭር የላቲን ፊደል እንድትጽፉ የምመክረው ለዚህ ነው።

ከዚያ ደግሞ ሁለት ነጥቧ አለች። ኪቦርዳችሁ አማርኛ ላይ እንዳለ ከመለያው ቀጥሎ ስትነኳት ፡ ወይም ፦ ልትወጣ ትችላለች። ማርክዳውን የሚያውቀው `:` ን ብቻ ነው። በስክሪን ላይ ልዩነታቸው ቶሎ በዓይን አይያዝም፤ ውጤቱ ግን የግርጌው መስመር በሙሉ እንደ ተራ አንቀጽ ገጹ ላይ መውጣቱ ነው። አድራሻችሁ ከገጹ ታች ተዘርግቶ ካያችሁት መጀመሪያ ይህችን ምልክት ደምስሳችሁ በእንግሊዝኛ ኪቦርድ መልሳችሁ ምቷት። ካልሆነ ከበላዩ ባዶ መስመር መኖሩን እዩ። ከአንቀጹ ጋር ከተጣበቀ በአዲሱ ደንብ የአንቀጹ አካል ሆኖ ይቆጠራል።

የመጨረሻው ስለ ቁጥር ነው። ብዙዎቻችሁ መለያውን `[1]`፣ `[2]` እያላችሁ ትጽፋላችሁ። ፋይሉ አንድ እስከሆነ ድረስ ምንም አይልም። የሁለት ሰው ምዕራፍ ወደ አንድ ፋይል ሲገባ ግን ሁለት `[1]` ይኖራል፤ አዲሱ ደንብ የሚያከብረው ቀድሞ የመጣውን ነው። የሁለተኛው ሰው ሊንኮች አይሰበሩም፤ ተከፍተው የተሳሳተ ገጽ ያሳያሉ። የሊንክ መፈተሻ መሣሪያም አይዛቸውም፤ ገጹ አለና። `[lucy]`፣ `[awash-park]` እያላችሁ በስም ጻፉ። ፋይሎቹን ካዋሐዳችሁ በኋላ የግርጌዎቹን መስመሮች አንድ ላይ ሰብስባችሁ በፊደል ቅደም ተከተል ደርድሯቸው። ተደጋጋሚ መለያ ካለ ጎን ለጎን ይመጣል፤ ወዲያው ታዩታላችሁ።