ጥያቄና መልስ፦ ከስብሰባ በኋላ የሚላከው ማስታወሻ በምን ይዘጋ?

አዘዞ፣ ጎንደር ውስጥ የእድር ጸሐፊ ሆኜ ብዙ ቆይቻለሁ። ጠይቁ፤ የማውቀውን እመልሳለሁ።

ጋሼ፣ «ቀጣዩ ስብሰባ በሚቀጥለው እሑድ» ብለን ጽፈን ግማሹ ሰው ቀረ። ምን አጠፋን?

ማስታወሻው ዓርብ ከደረሰ «የሚቀጥለው እሑድ» ለአንዱ ከነገ ወዲያ ነው፣ ለሌላው የሳምንቱ። እኔም እንዲሁ ጽፌ ስድስት ሽማግሌ የተቆለፈ በር ላይ አቁሜ አውቃለሁ። «እሑድ ኅዳር 28 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ከቀኑ 8 ሰዓት፣ በእድሩ ቤት» በሉ። ዕለቱና ቀኑ አብረው ከተጻፉ፣ አንዱን ብትሳሳቱ ሌላው ያጋልጣል። በዓልም እዩ። እኛ መጀመሪያ ኅዳር 21ን ይዘን ነበር፤ ጽዮን ማርያም መሆኗን ያስታወሱን የለፋፊያችን ባለቤት ናቸው።

ውጭ አገር ያለው አባላችን በስልክ ይገባል፤ 8 ሰዓት ስንለው ጠዋት ገብቶ ጠበቀን።

ለእሱ ከሥሩ «ዲሴምበር 7፣ በኢትዮጵያ ሰዓት 14:00» ብላችሁ ጨምሩ።

እኛ «የድንኳኑን ጉዳይ ኮሚቴው ያጣራል» ብለን እንዘጋለን። ሦስት ስብሰባ ሆነው፣ ድንኳኑ ግን የለም።

ኮሚቴው ማን ነው? እያንዳንዱ ሌላው የሚሄድ ይመስለዋል። የእኛ መዝጊያ እንዲህ ነበር፤ በሹመቱ ፈንታ የሰውየውን ስም ጻፉ፦

«ዕቃ ቤት ጠባቂው ከሦስት ሱቅ ፕሮፎርማ አምጥተው እስከ ሐሙስ ኅዳር 25 ለጸሐፊው ይሰጣሉ። ገንዘብ ያዟ የባንክ ሒሳባችንን ቀሪ እስከዚያው ቀን ያሳውቃሉ። ዳኛው አሮጌው ድንኳን ሊጠገን ይችል እንደሆነ ለድንኳን ሰፊ ያሳያሉ።»

ስም ካለ ቀን ምን ያደርጋል? እስከ ስብሰባው መሆኑ የታወቀ ነው።

ስሙ ላይ ልክ ነህ። ቀኑ ላይ ግን አልስማማም። ፕሮፎርማው እሑድ ስብሰባው ላይ ቢመጣ ኖሮ ርካሹን መርጠን እናጨበጭብ ነበር። ሐሙስ ስለደረሰኝ ጎን ለጎን አየሁት፤ የርካሹ ዋጋ ለሸራው ብቻ ነው፣ ምሰሶው የለበትም። ዓርብ ሱቁ ተደውሎ ዋጋው ተስተካከለ።

ቃለ ጉባኤው ላይ ሁሉም መፈረም አለበት ወይ?

እሱ የመዝገቡ ጉዳይ ነው እቴ፤ እዚህ የምናወራው በስልክ ስለሚላከው አጭር ወረቀት ነው።

ስብሰባው ላይ ላልነበረ ሰው ሥራ መጻፍ ይቻላል?

እኔ ሳልደውልለት አልጽፍም፤ እሺ ካለ «በስልክ ተነግሯቸው ተቀብለዋል» እላለሁ። ዳኛችን ግን የቀረ ሰው የተሰጠውን ይሠራል ባይ ናቸው፣ እስከ ዛሬም እንከራከራለን።