ጥያቄና መልስ፦ የሀዋሳው ፔንሲዮን ዌብሳይትና ሦስቱ መስመሮች

ጥያቄ፦ ከደንበኛህ ጋር ልትለያዩ ደርሳችሁ የሥራ ዝርዝሩ አስታረቀን ብለህ ነበር። እስቲ ከነዝርዝሩ ንገረን።

ሰውየው እዚህ ሀዋሳ ሐይቁ አካባቢ ፔንሲዮን አላቸው። ጋሼ ነው የምላቸው። የተስማማነው አምስት ገጽ ዌብሳይት ከክፍል መጠየቂያ ቅጽ ጋር፣ በአማርኛ፣ በእንግሊዝኛና በሲዳምኛ ነበር። ዋጋው 45,000 ብር፣ ግማሹ ቀብድ።

ሥራው ሊያልቅ ሲል፣ መጋቢት 9 ቀን 2017፣ ደወሉልኝ። "ልጄ፣ እንግዳው በቴሌብር የሚከፍልበት የታለ? ሲዳምኛውስ? ግማሽ ሠርተህ ሙሉ ብር ልትቀበለኝ ነው?" አሉኝ። ልጃቸው ከጎናቸው ሆኖ "ስንት ጊዜ ነግረነዋል!" ሲል ይሰማኛል። በስልክ መከራከር ነገር ማባባስ ነው፤ "ጋሼ፣ ማታ ልምጣና አብረን እንየው" አልኳቸው። ሄድኩና ላፕቶፑን ግቢው ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ከሥራ ዝርዝሬ እነዚህን ሦስት መስመሮች አሳየኋቸው፦

```
x 2025-03-07 2025-02-24 የክፍል መጠየቂያ ቅጽ +ፔንሲዮን @ውል
2025-02-26 የሲዳምኛ ገጽ፣ ጽሑፉ ከጋሼ ይመጣል +ፔንሲዮን @ውል @ደንበኛ
2025-03-04 በቴሌብር ክፍያ መቀበል +ፔንሲዮን @ጭማሪ
```

ከሦስተኛው መስመር ጀመርን። የቴሌብሩን ነገር ያነሱት የካቲት 25 በቴሌግራም ቮይስ ነው። የዚያኑ ቀን ማታ መስመሩን መዝግቤ "ጋሼ፣ የቴሌብሩን ሐሳብ ይዤዋለሁ፤ ከ45,000ው ውጭ ስለሆነ ዋጋውን ለብቻ እነግርዎታለሁ" ብዬ ጽፌላቸዋለሁ። "እሺ ልጄ" ብለው መልሰዋል። ልጃቸው በአባቱ ስልክ ቻቱን ወደ ላይ ሲገፋ ሁለቱንም አገኛቸው።

ሁለተኛው መስመር ላይ ግን ትክክሉ እሳቸው ናቸው። ሲዳምኛው በውሉ ውስጥ አለ፣ አልተሠራም። የቀረው የትርጉሙ ጽሑፍ ነው፤ አስተማሪ ዘመዳቸው ጽፎ ሊሰጠን ነበር። እኔ "ይሄ የእርስዎ መብት ነው፣ ጽሑፉ በመጣ በሁለት ቀን ውስጥ ይገባል" ስላቸው ፊታቸው ተፈታ። ለእኔ ወሳኙ ይሄ ይመስለኛል። ዝርዝሩ ለእሳቸውም እንደሚመሰክር በዓይናቸው አዩ።

ዘመድየው በሳምንቱ ጽሑፉን ላከ፣ ገጹ ገባ፣ ቀሪው ግማሽ ተከፈለኝ። የቴሌብሩን ሥራ በ18,000 ብር ለብቻው ተስማምተን ከፋሲካ በኋላ ጀመርነው። እስካሁንም ደንበኛዬ ናቸው።

ጥያቄ፦ የአፑን ስም ንገረኝ፣ በነጻ ይወርዳል? ሠራተኞቼ ሰዓት እንዳይሰርቁብኝ የሚቆጣጠር ነገር ስፈልግ ነበር።

ሠራተኛ ለመቆጣጠር አይሆንህም፤ ለዚያ ሌላ ነገር ፈልግ። ይሄ አፕ ሳይሆን ተራ የጽሑፍ ፋይል ነው፣ ስሙ `todo.txt`። አጻጻፉ የታወቀ ነው፦ አንድ መስመር አንድ ሥራ። ያለቀው ከፊቱ `x` ይገባበታል፣ ቀጥሎ ያለቀበት ቀን፣ ቀጥሎ የተመዘገበበት ቀን። በ`+` የፕሮጀክቱን ስም፣ በ`@` የሥራውን ዓይነት ትለያለህ። ጭማሪዎቹን ብቻ ለማየት ተርሚናል ላይ ይሄን መጻፍ ይበቃል፦

```
grep "@ጭማሪ" todo.txt
```

ቀኑን በፋይሉ ውስጥ በፈረንጅ አቆጣጠር የምጽፈው በቅደም ተከተል እንዲደረደርልኝ ነው። ለደንበኛ የምልከውን ግን ወደ እኛ አቆጣጠር ቀይሬ ነው። "ማርች 4" ስትላቸው የትኛው ቀን እንደሆነ ብዙዎቹ አያስታውሱም፣ "የካቲት 25" ስትላቸው ግን "አዎ፣ ማክሰኞ ነበር" ይሉሃል። በየዓርቡ ማታ ክፍት የሆኑትን መስመሮች እልክላቸዋለሁ። ካልላክኸው የግል ማስታወሻህ ነው፣ ክርክር ሲነሳ ማንም አያምንልህም።

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ በሕጋችን ከ500 ብር በላይ የሆነ ውል በጽሑፍ ካልሆነ አይጸናም። የቴሌግራም ወሬ ምን ያደርግልሃል?

የ500 ብሩ ነገር ከየት እንደመጣ ገብቶኛል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2472 ላይ አለ፣ ግን የሚናገረው ስለ ብድር ነው። ያውም ማስረጃው በጽሑፍ ይሁን፣ አለዚያም በፍርድ ቤት በእምነት ወይም በመሐላ ይሁን ነው የሚለው። ስለ ውል በጠቅላላው ቁጥር 1719ን ተመልከት፤ ሕጉ የተለየ ፎርም ካላዘዘ በቀር ስምምነቱ ይበቃል። በጽሑፍ ይሁን ማለትህ ግን ልክ ነው፣ እኔም የተፈረመ አንድ ገጽ ውል አለኝ። ችግሩ ውሉ የሚጻፈው መጀመሪያ ላይ ነው፣ ጭማሪው የሚመጣው መሃል ላይ፣ በቮይስ፣ አንዳንዴም ቡና ላይ። ለ18,000 ብር ደግሞ ፍርድ ቤት የሚሄድ የለም።

ጥያቄ፦ ቴሌብር ማስገባት አንድ በተን አይደል እንዴ? 18,000 አልበዛም?

በተኑ ቀላሉ ነው። መጀመሪያ በድርጅቱ ስም የነጋዴ አካውንት ይከፈታል፤ ይህ የእሳቸው ንግድ ፈቃድና ወረቀት ነው፣ እኔ ልሠራላቸው አልችልም። ከዚያ እንግዳው ከፍሎ "ተሳክቷል" የሚለው ገጽ ስለመጣ ብቻ ክፍሉን መያዝ አይቻልም፣ ያንን ገጽ ማንም ሳይከፍል ሊከፍተው ይችላል። ማረጋገጫው ከክፍያው ሰርቨር ወደ እኛ ሰርቨር መምጣት አለበት፣ መጠኑም ከክፍሉ ዋጋ ጋር መመሳከር አለበት። ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ ለአንድ ክፍል ቢከፍልስ? ብሩን ማን፣ መቼ ይመልሳል? ይህንን ሁሉ አንድ በአንድ ስነግራቸው ልጃቸው ራሱ "ይሄማ ሌላ ሥራ ነው" አለ።

ጥያቄ፦ እኔ አዳማ ሎጎና ፍላየር እሠራለሁ። ዝርዝር አለኝ፣ ግን "ትንሽ ቀይርልኝ" ማለቂያ የለውም። የእኔን ምን ትለዋለህ?

ዝርዝርህ ላይ "ሎጎ" ብቻ ከሆነ የተጻፈው፣ ለዘላለም ክፍት ነው። የሚቆጠር ነገር ጻፍ፦ "ሦስት አማራጭ፣ በተመረጠው ላይ ሁለት ዙር ማስተካከያ"። አንድ ዙር ማለት ደግሞ ሰውየው ያለውን አስተያየት በሙሉ ሰብስቦ አንዴ የሚልክበት ነው፣ ይህንንም ከወዲሁ ንገረው። አሁን መሃል ላይ ላለኸው፣ እስከዛሬ የቀየርከውን በቀን ቅደም ተከተል ደርድረህ ላክለትና "ከዚህ የቀረው የትኛው ነው?" ብለህ ጠይቀው። የክስ ወረቀት እንዳይመስል ተጠንቀቅ፣ በጥያቄ ጨርሰው።

ጥያቄ፦ ለትንሽ ነገር ሁሉ ብር መጠየቅ ያሳፍራል። ስልክ ቁጥር ለመቀየርም ታስከፍላለህ?

አላስከፍልም። ግማሽ ሰዓት የማይሞላውን እሠራለሁ፣ ግን `@ነጻ` ብዬ መዝግቤ ከዓርቡ መልእክት ጋር እልካለሁ። ካልተጻፈ እንደተሠራም አይታወቅም።

ጥያቄ፦ አልስማማም። ነጻ የሚል ቃል አንዴ ካዩ ይለምዱታል። እኔ ሁሉንም ዋጋ ሰጥቼ ቅናሽ አደርግበታለሁ።

ያንተም ያስኬዳል፣ በተለይ ከድርጅት ጋር ስትሠራ፤ ደረሰኝ ላይ ዋጋውም ቅናሹም ይታያል። ጋሼን ለመሰለ ሰው ግን ስልክ ቁጥር ቀይሬ "200 ብር፣ ቅናሽ 200 ብር" ብዬ ብልክላቸው ቅር ይላቸዋል ብዬ እፈራለሁ። በእርግጥ አንድ ደንበኛዬ ነጻውን ለምዶ አሁን በየሳምንቱ ትንንሽ ሥራ ይልክልኛል። እሱ ላይ ያንተን መንገድ ልሞክረው አስቤያለሁ።