መሬት ሲነካ ጠፍ የሚል እግር

«ወንድሜ ፎገራ ላይ ቀኑን ሙሉ ቁጢጥ ብሎ ሩዝ ሲያርም ሰንብቶ ቀኝ እግሩ ወደ ላይ አልታጠፍ አለው። ሲራመድ ጉልበቱን በጣም ከፍ ያደርጋል፤ እግሩ ሲያርፍ ጠፍ ይላል። ዘመዶች ስትሮክ ነው ይላሉ። በአረማመዱ መለየት ይቻላል?»

እህቴ፣ በአብዛኛው ይቻላል። ባሕር ዳር በፊዚዮቴራፒ ሙያ ስሠራ ይህን አረማመድ ደጋግሜ አይቻለሁ፤ ከገለጽሽው ስነሣ ስትሮክ አይመስለኝም።

አንድ ተረከዝ መሬት ከነካበት ቅጽበት ተመልሶ እስኪነካ ድረስ አንድ የእርምጃ ዑደት ይባላል። ከዚህ ጊዜ 60 በመቶ ያህሉን እግሩ መሬት ላይ፣ ቀሪውን 40 በመቶ አየር ላይ ያሳልፋል። ከቅልጥም ፊት ለፊት ያለው ጡንቻ በሁለቱም ይሠራል፤ እግሩ አየር ላይ ሳለ ጣቶቹ መሬት እንዳይጭሩ ወደ ላይ ይይዛቸዋል፣ ተረከዙ ሲያርፍ ደግሞ የእግሩን ፊት ቀስ አድርጎ ያወርዳል። ወንድምሽ የመጀመሪያውን ጉድለት ጉልበቱን በማንሣት ይሸፍናል። ለሁለተኛው መሸፈኛ ስለሌለው እግሩ ጠፍ ይላል። በስትሮክ የተመታ ሰው ግን ጉልበቱ ደርቆ ስለሚቀር እግሩን ወደ ውጭ እያዞረ ነው የሚወስደው፤ ብዙ ጊዜም ክንዱ ይታጠፋል።

የሚቀረው ጥያቄ ነርቩ የተጎዳው ጉልበት አጠገብ ነው ወይስ ወገብ ላይ የሚለው ነው። ፔሮኒያል የሚባለው ነርቭ ከጉልበት በታች በውጭ በኩል፣ በቀጭኑ አጥንት አንገት ላይ ከቆዳ ሥር ያልፋል። ለረጅም ሰዓት ቁጢጥ ማለት እዚያው ይጨቁነዋል። ወንድምሽን አስቀምጪና ቁርጭምጭሚቱን በእጅሽ ቀጥ ባለ ማዕዘን ደግፈሽ የውስጥ እግሩን ወደ መሐል እንዲያዞር፣ መዳፍሽንም እንዲገፋ ንገሪው። ይህን የሚሠራው ጡንቻ በሌላ ነርቭ ስለሚታዘዝ ግፊቱ ጠንካራ ከሆነ ችግሩ ጉልበት አጠገብ ያለ ይመስላል። ከደከመ ግን ወገቡን ባያመውም ከአከርካሪ የሚወጣውን ነርቭ እጠረጥራለሁ። ግድግዳ ይዞ በቀኝ እግሩ ብቻ ሲቆም የግራ ዳሌው ወደ ታች ከወረደም ጥርጣሬዬ ይጠነክራል፤ ዳሌን የሚይዘው ጡንቻም ከዚያው ከወገብ ነርቭ ያገኛልና።

በአካባቢያችን የሥጋ ደዌም ይህንኑ ነርቭ ስለሚያጠቃ ቆዳው ላይ የደነዘዘ ነጣ ያለ ምልክት ካለ፣ ወይም ከጉልበቱ ሥር ነርቩ እንደ ገመድ ወፍሮ ከተዳሰሰ፣ ለሐኪሙ ሳትነግሪው አትቅሪ።

ከዛሬ ጀምሮ ቁጢጥ አይበል፣ እግሩንም አያነባብር። ቁርጭምጭሚቱን የሚይዝ ድጋፍ ጣቶቹን ከመሰናከል ያድነዋል፤ ተረከዙ ወደ ላይ ተኮማትሮ እንዳይቀርም የእግሩ ፊት በየቀኑ በእጅ ወደ ላይ ይሳብ። ከጫና የመጣ ከሆነ ብዙውን ጊዜ በሳምንታት ወይም በወራት ይመለሳል። የነርቭ ምርመራ ከተባለ ጉዳቱ ከደረሰ ከሦስት ሳምንት ገደማ በኋላ ቢደረግ ውጤቱ ይበልጥ ይታመናል። ሽንት መቆጣጠር ካቃተው፣ መቀመጫው አካባቢ ከደነዘዘ ወይም ሌላኛው እግሩም ከደከመ ግን ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ውሰጂው።