ከማሰር በፊት ያሉት ሃያ ደቂቃዎች

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ በአእምሮ ሕክምና አስተኝቶ ዋርድ ኃላፊ ነርስ ነኝ። ታካሚ ማሰርንና ለብቻ ክፍል ውስጥ መዝጋትን በግማሽ የሚቀንስ የጥራት ማሻሻያ ፕሮፖዛል አዘጋጂ ተብያለሁ። እኔ ያሰብኩት ለሠራተኛው ሥልጠና መስጠት ነው። ባልደረቦቼ ግን «ካላሰርን የምንመታው እኛ ነን» ይላሉ። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ሲስተር፣ ሥልጠናውን ለጊዜው ያቆዩት። ሥልጠና መጥፎ ሆኖ አይደለም። ግን የሠለጠነው ሰው በማግስቱ የሚመለሰው ወደዚያው ዋርድ፣ ወደዚያው የተረኞች ርክክብ፣ ወደዚያው የተቆለፈ በር ነው። መጀመሪያ ማወቅ ያለብዎት እናንተ ዋርድ ውስጥ ሰው የሚታሰረው መቼ እንደሆነ ነው።

ያለፉትን 3 ወራት መዝገብ ያውጡ። ለእያንዳንዱ ማሰርም ሆነ መዝጋት አራት ነገር ይጻፉ። በስንት ሰዓት ሆነ? ታካሚው ከገባ ስንተኛ ቀኑ ነበር? ስንት ሰዓት ቆየ? ከዚያ በፊት በነበሩት ሃያ ደቂቃዎች ምን ተፈጠረ? የመጨረሻውን መዝገቡ ላይ አያገኙትም። «ታካሚው ስለተረበሸ ታሰረ» ይላል፣ አለቀ። ስለዚህ ተረኛውን ነርስ፣ ከተቻለም ታካሚውን ራሱን መጠየቅ ግድ ነው።

ከዓመታት በፊት በሠራሁበት ዋርድ አንድ ሰውዬ ማታ 1 ሰዓት ላይ ታሰረ። መዝገቡ «መስታወት ደበደበ፣ በሠራተኛ ላይ ዛተ» ይላል። በማግስቱ አጠገቡ ቁጭ ብዬ ጠየቅኩት። ለካ ስልክ ፈልጎ ኖሯል። ሴት ልጁ እሱ የት እንደገባ አታውቅም ነበር። የነርሶቹን ክፍል መስታወት ሲያንኳኳ ርክክብ ላይ ስለነበሩ አንዷ በእጇ «ቆይ» አለችው። ቆየ። እንደገና አንኳኳ፤ አሁንም «ቆይ»። ሦስተኛው ላይ በቡጢ መታው። አራት ሰው መጣ። ለሁለት ደቂቃ ስልክ ብሎ አራት ሰዓት ታስሮ ቆየ፣ ከዚያ ውስጥ ሁለቱን ሰዓት ተኝቶ ነበር። ትዕዛዙን የፈረምኩት ደግሞ እኔው ነኝ።

መዝገቡን ሲያገላብጡ እንዲህ ዓይነት ነገር ደጋግሞ ይመጣል ብዬ እገምታለሁ። ርክክብ፣ የመድኃኒት ሰዓት፣ ከገቡ በኋላ ያሉት የመጀመሪያ ቀናት፣ «አይቻልም» የተባለ ሲጋራ ወይም ስልክ። የእናንተ ዋርድ የትኛው ላይ እንደሚበዛበት ካዩ በኋላ አንድ ብቻ ይምረጡ። ርክክቡ ከሆነ፣ ለውጡ ቀላል ነው፦ ሁሉም ክፍል ሲገባ አንድ ነርስ ውጭ፣ ታካሚዎቹ መሃል ትቀራለች። ሥራዋ ጥያቄ መቀበል ነው። «አይሆንም» ማለት ካለባት እንኳ ለምን እንደማይሆንና መቼ እንደሚሆን ትናገራለች።

ለዚህች ነርስ አንድ መሣሪያ ይስጧት። ብሮሴት የሚባል፣ መነሻው ኖርዌይ የሆነ አጭር መመዘኛ አለ። ስድስት ምልክት ብቻ ነው የሚያየው፦ ግራ መጋባት፣ ቶሎ መቆጣት፣ መጮህና መረበሽ፣ በቃል መዛት፣ በአካል መዛት፣ ዕቃ መምታት። እያንዳንዱ ካለ 1፣ ከሌለ 0። ድምሩ 3 እና ከዚያ በላይ ሲሆን በሚቀጥሉት 24 ሰዓታት ውስጥ ግጭት ሊመጣ ይችላልና ቀድሞ መንቀሳቀስ ያስፈልጋል። ብዙ ሰው የሚሳሳትባት ነጥብ አለች። በደንብ የምታውቁት ታካሚ ሁልጊዜ ድምፁን ከፍ አድርጎ የሚያወራ ከሆነ ያ 1 አያሰጠውም። ነጥብ የሚሰጠው ከለመደው በላይ ሲሆን ነው።

3 ሲሞላ ታዲያ ምን ይደረጋል? ፕሮፖዛሎች የሚወድቁት እዚህ ጋ ነው፣ ቁጥሩ ይሞላና ማንም ምንም አያደርግም። ወይም ደግሞ ጥበቃ ይጠራና ሰውዬው ጭራሽ ይብሳል። በወረቀቱ ላይ በግልጽ ይጻፉት፦ ታካሚው የሚቀርባት ነርስ ሄዳ ታነጋግረዋለች፣ ወደ ጸጥተኛ ቦታ ትጋብዘዋለች፣ የሚዋጥ መድኃኒት ካስፈለገ ገና መስማት በሚችልበት ሰዓት ይቀርብለታል። መመዘኛው ሁሉንም አይይዝም። 0 ነጥብ ይዞ ድንገት የሚነሳ ታካሚም አለ።

አሁን ወደ ቁጥሩ። «በግማሽ» ሲሉ የምን ግማሽ? እንበልና በአንድ ወር 18 ጊዜ አሰራችሁ፣ በየቀኑ የተኙት ታካሚዎች ሲደመሩ ደግሞ 600 የታካሚ ቀን ሆነ። በ1,000 የታካሚ ቀን 30 ማለት ነው። በሚቀጥለው ወር 15 ጊዜ ብቻ አሰራችሁ። ደስ ይላል። ግን ዋርዱ ቀለል ብሎ ስለነበር የታካሚ ቀኑ 450 ነው። ሲሰላ 33 ገደማ ይመጣል። ብሶባችኋል እንጂ አልቀነሰም። በየወሩ የሚገኘውን ይህን ቁጥር ግራፍ ላይ በነጥብ ያኑሩ፤ ከለውጡ በፊት በነበሩት ወራት መካከለኛ ቁጥር ላይም አግድም መስመር ያስምሩ። አንድ ወር ወረደ ብላችሁ አትጨፍሩ። ስድስት ነጥብ በተከታታይ ከመስመሩ በታች ሲውል ያኔ እውነት ነው።

ከቁጥሩ ጎን የቆይታውን ሰዓት ይያዙ። በእኔ ግምት ፈጣኑ ለውጥ የሚገኘው ከዚህ ነው። ብዙ ዋርድ የሚፈታው «ሲረጋጋ» ነው፤ የተረጋጋ ማለት ምን እንደሆነ ግን አይጻፍም። የተኛ ሰው ታስሮ የሚያድረውም በዚህ የተነሳ ነው። በየ15 ደቂቃው የሚያየው ሰው «አሁን ለምን አልተፈታም?» ለሚለው መልስ ይጻፍ። ዝም ብሎ የአካሄድ ጉዳይ እንዳይመስላችሁ። ረጅም ሰዓት የታሰረ ሰው እግሩ ላይ ደም ሊረጋ ይችላል፣ ያ የረጋ ደም ሳንባ ከደረሰ ይገድላል። በሆዱ አስተኝቶ ጀርባው ላይ መጫን ደግሞ ትንፋሽ ያሳጣል፤ እሱን ጨርሶ ይከልክሉት።

ባልደረቦችዎ የሚሉትን አይናቁት። የሠራተኛ ጉዳትን ራሱን የቻለ መለኪያ አድርገው ፕሮፖዛሉ ውስጥ ያስገቡት፣ ቁጥሩንም በየወሩ አብረው ይዩት። በ2013 የታተመ የፊንላንድ ጥናት አለ። ስኪዞፍሬንያ ያለባቸው ወንዶች የተኙባቸውን ዋርዶች በዕጣ ለሁለት ከፍሎ ነው የሠራው። ማሰርን የሚቀንስ ለውጥ በተደረገባቸው ዋርዶች ታካሚ የታሰረበት፣ የተዘጋበት ወይም ክፍሉ ውስጥ በክትትል እንዲቆይ የተደረገበት ቀን ድርሻ ከ30 ወደ 15 በመቶ ወረደ። ግጭት አልጨመረም። ለሐቁ ያህል፣ ምንም ባልተነካባቸው ዋርዶችም ከ25 ወደ 19 ወርዷል፤ ስለዚህ ሁሉም የለውጡ ውጤት ነው አይባልም።

አንድ ሌላ መለኪያ ደግሞ ሳይዙ እንዳይጀምሩ፦ ያለ ፈቃድ የተሰጠ መርፌ። ማሰሩ ቀንሶ መርፌው ከጨመረ ገመዱ ነው የተቀየረው። ለመጀመሪያው ሙከራ አንድ ሺፍት፣ አንድ ነርስና ሁለት ሳምንት ይበቃል። ሥልጠናው ከዚያ በኋላ ይምጣ፤ ያኔ ምን ላይ እንደሚሠለጥኑ ታውቃላችሁ።